100 ፒፒኤም ሠርቼ መሣሪያው 43 አለኝ፤ የት ነው የተሳሳትኩት?

የማራኪው · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነኝ፤ የኬሚስትሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። ዛሬ ላብ ውስጥ ተዋርጄ ነው የወጣሁት። ምክንያቱ ደግሞ እስካሁን አልገባኝም።

የተሰጠን ሥራ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ መለካት ነው። ከዚያ በፊት ግን 100 ፒፒኤም የፍሎራይድ ስታንዳርድ ራሳችሁ ሥሩ ተባልን። ሶዲየም ፍሎራይድ 0.10 ግራም መዘንኩ። ቶሎ እንዲሟሟልኝ ውሃውን ትንሽ ሞቅ አድርጌ፣ የአንድ ሊትር ፍላስክ ውስጥ ጨምሬ እስከ መስመሩ ሞላሁት። 100 ሚሊግራም በአንድ ሊትር፣ ማለትም 100 ፒፒኤም። ተገዝቶ በመጣው ስታንዳርድ በተስተካከለው ኤሌክትሮድ ስለካው 43 አለኝ። አጥቤ ደገምኩት፤ አሁንም 43።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ ዴንሲቲው ላይ መሰለኝ። አንድ ሊትር ውሃ በትክክል 1000 ግራም አይደለም፤ ይህን ዘንግቼዋለሁ። ወይም ሞላሪቲን ከሞላሊቲ ጋር አምታትቻለሁ። ሪፖርቱ ላይ ሞላሪቲ፣ ሞላሊቲ፣ በክብደት በመቶ እና ፒፒኤም፣ አራቱንም ጻፉ ተብለናል። አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። እባካችሁ።

ቆራጥ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ወንድሜ አታካብድ። ፒፒኤም ማለት ሚሊግራም በሊትር ነው፤ አለቀ። ውሃ እስከሆነ ድረስ ሞላሪቲም ሞላሊቲም አንድ ናቸው። ቁጥሩን ገልብጠህ ጻፍ።

አንተ የሠራኸው ልክ ነው፤ መሣሪያው ነው የተበላሸው። ደግሞ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ይሰፋል፤ ስለዚህ ንባቡ ዝቅ ይላል። ውሃ እንኳ እኛ ጋ በ100 ዲግሪ አይፈላም።

ሲስተር ከአዘዞ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

እኔንም የሚያስቸግረኝ ይኸው ነው። ክሊኒክ ውስጥ ወለል የምናጸዳበትን በረኪና በፒፒኤም ጻፉ ተባልን። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው በመቶ ነው። እኛ የለመድነው አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ይሄ ስንት ፒፒኤም ይሆናል? የአንተም በረኪና ከሆነ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቀኑን አረጋግጥ፤ የቆየ በረኪና ኃይሉ ይሞታል።

የማራኪው · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡54

ሲስተር፣ የኔ በረኪና አይደለም፤ ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። ነጭ ዱቄት።

የድሮ ላብ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። 100 ሚሊግራም *የምን*?

የመዘንከው ሶዲየም ፍሎራይድ ነው። ኤሌክትሮዱ የሚያየው ግን ፍሎራይዱን ብቻ ነው፤ ሶዲየሙ ለእሱ የለም። የሶዲየም ፍሎራይድ አንድ ሞል 42 ግራም ነው። ከዚያ ውስጥ ፍሎራይዱ 19 ግራም፣ ሶዲየሙ 23 ግራም። ስለዚህ ከመዘንከው 100 ሚሊግራም ውስጥ ፍሎራይዱ 45 ሚሊግራም ብቻ ነው። መሣሪያህ አልዋሸህም። አንተ 100 ፒፒኤም *ጨው* ሠርተህ 100 ፒፒኤም *ፍሎራይድ* ብለህ ሰየምከው።

አሁን የጠረጠርከውን ከዚህ ጋር አስተያየው። ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 998.2 ግራም ይመዝናል። ይህ የሚያመጣው ልዩነት ከመቶ 0.2 ገደማ ነው። 100 የነበረው 100.2 ይሆናል እንጂ 43 አይሆንም። ከግማሽ በላይ ሲጠፋብህ ዴንሲቲን አትጠይቀው፤ እሱ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም።

100 ፒፒኤም ፍሎራይድ ከፈለግህ በሊትር 221 ሚሊግራም ሶዲየም ፍሎራይድ ነው የምትመዝነው። 100ን በ42 አባዝተህ ለ19 ማካፈል ነው።

የማራኪው · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ወይኔ! ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር፦ 45 ነው ያሉኝ፣ እኔ ያገኘሁት 43 ነው። ቀሪዋስ?

ቆራጥ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58

አልኩህ እኮ፤ ከፍታው ነው።

የድሮ ላብ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡20

ቆራጥ፣ ስለ መፍላቱ ልክ ነህ። ጎንደር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግን መፍላትና መስፋት ለየቅል ናቸው። ፈሳሽ ውሃ በግፊት የሚጨመቅ ነገር አይደለም። በባሕር ጠለል እና በእኛ ከተማ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት የውሃን መጠን የሚለውጠው ከመቶ ሺህ አንድ ያህል ነው። ዴንሲቲን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሙቀት ነው፤ ተራራ አይደለም።

ስለ ሙቀት ካነሣን ደግሞ፣ ማራኪው፣ ውሃውን አሙቀህ ወዲያው እስከ መስመሩ መሙላትህን አልወደድኩትም። 40 ዲግሪ ነበር እንበል። ወደ 20 ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ 6 ሚሊሊትር ያህል ይወርዳል። አንድ ሊትር ያልከው 994 ሚሊሊትር ሆኖ ያድራል፤ ፈሳሹም በዚያው ልክ ይወፍራል። ሁልጊዜ አሟሙተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ ከዚያ ሙላ። ነገር ግን ይህ ስህተት ንባብህን ወደ *ላይ* ነው የሚገፋው። ያንተ ደግሞ ወደ ታች ነው የሄደው። ስለዚህ ቀሪዋን ሁለት ነጥብ አይገልጽልህም።

ሚዛኑ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ ያሳያል?

የማራኪው · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡26

ሁለት። 0.10 ነበር የሚለው። አራት አሃዝ የሚያሳየው ሚዛን ተቆልፎበታል።

የድሮ ላብ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡41

ያው ነው እንግዲህ። 0.10 የሚል ሚዛን 0.095ንም 0.105ንም 0.10 ይልሃል። ከመቶ አምስት ወዲህና ወዲያ። 0.095 ከሆነ ፍሎራይዱ 43 ይመጣል። ቁጥሩ ገጠመ። ግን በዚህ ብቻ ነው ብዬ አልምልልህም። ኤሌክትሮድ አንድ ሚሊቮልት ሲሳሳት በፍሎራይድ ንባብ ላይ ከመቶ አራት ገደማ ይሳሳታል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልለየው አልችልም።

መፍትሔው ትንሽ አለመመዘን ነው። 2.21 ግራም መዝነህ በአንድ ሊትር አሟሟው። ያ 1000 ፒፒኤም ፍሎራይድ ነው። በዚያው ባለ ሁለት አሃዝ ሚዛን ስህተትህ ከመቶ ሩብ እንኳ አይሞላም። ከዚያ 100 ሚሊሊትሩን በፒፔት ወስደህ በሌላ ፍላስክ አንድ ሊትር ሙላው፤ 100 ፒፒኤም ወጣልህ። እቃው ፕላስቲክ ይሁን። ፍሎራይድ ብርጭቆ ውስጥ ሲቆይ አልወድለትም።

ሚጡ 12ኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡55

ይቅርታ፣ መሀል ገባሁ። ለፈተና እያነበብኩ ነው። አራቱን አንድ ላይ እንዴት ነው የምቀይራቸው? አራት ፎርሙላ ልሸምድድ?

የድሮ ላብ · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡15

አትሸምድጂ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፊትሽ አስቀምጪና የማራኪውን 221 ሚሊግራም አብረን እንከተለው።

መጀመሪያ ሞሉን አውጪ። 0.221 ግራም ለ42 ሲካፈል 0.00526 ሞል። ያለው አንድ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ ሞላሪቲው 0.00526 ነው።

ሞላሊቲ ደግሞ የሚጠይቀው *የውሃውን* ኪሎ ነው፤ የፈሳሹን ሊትር አይደለም። እዚህ ላይ ውሃው 0.998 ኪሎ ነው። 0.00526ን ለዚያ ስታካፍዪ 0.00527 ይመጣል። መጨረሻዋ አሃዝ ላይ አንድ ብቻ ተነቃነቀች። ቆራጥ አንድ ናቸው ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ እዚህ ቦታ ላይ ከእውነት አልራቀም።

በክብደት በመቶ ከሆነ፣ ጨውን ለጠቅላላው ፈሳሽ ክብደት አካፍለሽ በመቶ ማባዛት ነው። ጨዉ 0.0221 በመቶ፤ ፍሎራይዱ ብቻውን 0.0100 በመቶ። ከመቶ ወደ ፒፒኤም በ10,000 ታባዢያለሽ። 0.0100 ሲባዛ 100 ይሆናል። ተገናኘን።

ከፒፒኤም ወደ ሞላሪቲ በቀጥታ መሄድ ከፈለግሽ፦

```
M = ppm / (1000 × molar mass)
100 / (1000 × 19) = 0.00526
```

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ፒፒኤሙ የፍሎራይድ ከሆነ በ19 ነው፤ የጨዉ ከሆነ በ42። ከላይ 100 ጽፎ ከታች 42 የሚያስገባ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ሞሉ ግን በየትኛውም መንገድ ያው ነው፤ አንድ ሶዲየም ፍሎራይድ አንድ ፍሎራይድ ነው የሚሰጠው። ስትጠራጠሪ ወደ ሞል ተመለሺ።

ሚጡ 12ኛ · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡24

እሺ ጋሼ። ፈተና ላይ ዴንሲቲ ካልሰጡኝስ?

የማራኪው · ማክሰኞ፣ ማታ 5፡30

እኔ ልመልስልሽ፤ ይሄን እንኳ አውቃለሁ። ከመቶ ወደ ሞላሊቲ ከሆነ ዴንሲቲ አያስፈልግሽም። 2 በመቶ ግሉኮስ ካሉሽ 2 ግራም ግሉኮስ እና 98 ግራም ውሃ ነው። 2ን ለ180፣ ከዚያ ለ0.098፤ ወደ 0.113 ይመጣል። 98ን ትተሽ በ100 እንዳታካፍዪ፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። ወደ ሞላሪቲ ከሆነ ግን የግድ ዴንሲቲ ያስፈልጋል። ካልሰጡሽ ፈሳሹ ቀጭን መሆኑን አይተሽ 1 ነው በይ፤ እንዲያ ማለትሽንም ጻፊ።

ሲስተር ከአዘዞ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10

የኔ ጥያቄ እኮ ተረሳ።

የድሮ ላብ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

ይቅርታ ሲስተር። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ካለው፣ አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። በ10,000 ያባዙት፤ 5000 ፒፒኤም።

ግን ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ይዩልኝ። 5 በመቶ የሚለው የክሎሪኑን ነው ወይስ የሶዲየም ሃይፖክሎራይቱን? የእርስዎና የማራኪው በሽታ አንድ ነው። 5.25 በመቶ ሃይፖክሎራይት የሚል ጠርሙስ ክሎሪኑ 5 በመቶ ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ከመቶ አምስት ብቻ ስለሆነ ለወለል ብዙም አያስጨንቅም። ከዚያ የሚበልጠው እርስዎ ራስዎ ያነሡት ነው፤ በፀሐይና በሙቀት የቆየ በረኪና ጽሑፉ ላይ ያለው ቁጥር አይገኝበትም። ያንን የትኛውም ስሌት አያድነውም።

ባትሪ ቤት · ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

እኔ ኬሚስት አይደለሁም፤ የመኪና ባትሪ ነው የምሠራው። ግን ይቺ "ሁሉም አንድ ነው" የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። የባትሪ አሲድ እኮ ውሃ ነው በመሠረቱ። ሃይድሮሜትሩ 1280 ሲል ግን አንድ ሊትሩ 1 ኪሎ ከ280 ግራም ይመዝናል። ጄሪካኑን ስታነሣው ራሱ ይነግርሃል። ያ ላይ ሚሊግራም በሊትር እና ፒፒኤም እንዴት አንድ ይሆናሉ?

የድሮ ላብ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡05

የኔ ወንድም፣ ከሁላችን የተሻለ ምሳሌ አመጣህ።

1.28 ላይ አሲዱ በክብደት 37 በመቶ ገደማ ነው። በፒፒኤም እንጻፈው ካልን 370,000 መሆኑ ነው። አሁን አንድ ሊትር ውሰድ። 1280 ግራም ነው፤ 37 በመቶው 474 ግራም አሲድ። በሚሊግራም በሊትር 474,000። ሁለቱ ቁጥሮች አይተዋወቁም።

ሞሉም እንደዚያው ነው። 474ን ለ98 ስናካፍል ሞላሪቲው 4.8። ሞላሊቲው ግን በውሃው ኪሎ ነው፤ ሊትሩ ውስጥ ያለው ውሃ 806 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ 6.0 ይሆናል። ቆራጥ እንኳን ባትሪ ቤት አልተቀጠረ።

ድንበሩ የት ነው ካላችሁኝ፣ ሐኪም ቤት የሚሰቀለውን ሳላይን አስቡ። በሊትር 9 ግራም ጨው ነው። ሞላሪቲው 0.154፣ ሞላሊቲው 0.155 አካባቢ። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እኔ ከመቶ አንድ በታች ለሆነ ጨው አንድ ናቸው ብዬ እሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ዴንሲቲውን እጠይቃለሁ። ይህ የኔ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አራት አሃዝ ድረስ የሚፈልግ ሥራ ላይ 0.2 በመቶም ትታያለች።

ቆራጥ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡18

እሺ፣ አሲድ ላይ ተሸነፍኩ። ግን ጥያቄው ስለ መጠጥ ውሃ ነበር። የመጠጥ ውሃ ላይ ሚሊግራም በሊትር ፒፒኤም ነው ብዬ እጸናለሁ። ማንም ሰው የቧንቧ ውሃ ላይ ዴንሲቲ ሲያስገባ አላየሁም።

የድሮ ላብ · ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

በዚያ ተስማምተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። 1.5 ፒፒኤም ብትለው ማንም አይከስህም። የውሃ ሰው የሚወድቀው ሌላ ቦታ ነው። ናይትሬትን ውሰድ። ድርጅቱ ያስቀመጠው 50 ሚሊግራም በሊትር *እንደ ናይትሬት* ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ግን የሚያነበው *እንደ ናይትሮጅን* ነው። ያው 50 ናይትሬት እዚያ ላይ 11.3 ሆኖ ይወጣል። የመሣሪያው ንባብ 20 ሲል "ከ50 በታች ነው፣ ደህና ነው" ብሎ የፈረመ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። 20ው እንደ ናይትሮጅን ነበር። እንደ ናይትሬት 88.5 ገደማ ማለት ነው።

ሲስተር ከአዘዞ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡02

ጠርሙሱን አየሁት። "5%" ይላል፤ የምን እንደሆነ አይልም። 😅

የማራኪው · ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ተመለስኩ። 2.21 ግራም መዘንኩ፤ አሟሙቼ አቀዘቀዝኩና ሞላሁ። ከዚያ አሥር እጥፍ አቀጠንኩት። መሣሪያው 97 አለ።

ሪፖርቱ ላይ ሞላሪቲ 0.00526፣ ሞላሊቲ 0.00527፣ በመቶ 0.0100 እንደ ፍሎራይድ፣ ፒፒኤም 100 እንደ ፍሎራይድ ብዬ ጽፌያለሁ። "እንደ ፍሎራይድ" የሚለውን ሁለቴ አሠመርኩበት። መምህራችን ግን "እንደ" የሚለው ለምን አስፈለገ ብለው ጠየቁኝ። አስረዳሁ።

97ቷ ግን አልተመቸችኝም። ሚዛኑ አሁን ይህን ያህል አይሳሳትም።

የድሮ ላብ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡35

አዎ፣ ሚዛኑ ነፃ ወጣ። 97 ከ100 በኤሌክትሮድ አንድ ሚሊቮልት አይሞላም። ግን ሁለቴም ወደ ታች መሄዱ ያጠራጥራል። ጨዉን ምድጃ ውስጥ አድርቀኸው ነበር? ስታንዳርዱም ያንተውም ላይ እኩል ባፈር ጨምረሃል? ሙቀታቸውስ አንድ ነበር?

የማራኪው · ሐሙስ፣ ማታ 3፡41

አላደረቅኩም። ባፈሩን እኩል ጨምሬያለሁ። ሙቀቱን አልለካሁም፤ የተገዛው ስታንዳርድ ግን ከፍሪጅ ነው የወጣው።

የድሮ ላብ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡44

ከፍሪጅ ወጥቶ ስንት ደቂቃ ቆየ?

የማራኪው · ሐሙስ፣ ማታ 3፡46

…ወዲያው ነው የለካነው። መብራት ሳይሄድ ብለን ተጣድፈን።

ቆራጥ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

ወይ ከፍታው ነው፣ ወይ መብራት ኃይል ነው። 😂

የድሮ ላብ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡58

ሰኞ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ አንድ ሰዓት አስቀምጡና እንደገና አስተካክላችሁ ለኩ። ጨዉንም አድርቀህ አንድ ተጨማሪ ሥራ። ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቀይር፤ የትኛው እንደነበረ አታውቅም።

የማራኪው · ሐሙስ፣ ማታ 4፡02

እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ሙቀቱን እሞክራለሁ። ቁጥሩን እዚሁ እለጥፋለሁ።